በ7ኛ ክፍል የአሲድና ቤዝ የዕለት ትምህርት ዕቅድ ላይ የተሰጠ አስተያየት

ይድረስ ለእህቴ መምህርት፣

ለሐሙስ ያዘጋጀሽውን የዕለት ትምህርት ዕቅድ ደጋግሜ አነበብኩት። ርዕሱ ለአካባቢያችን ልጆች ልክ ነው። እኛ በጮቄ ግርጌ ነን። ዝናቡ ብዙ ስለሆነ ካልሲየሙንና ማግኒዢየሙን ከአፈሩ አጥቦ ይወስዳል፣ አፈሩም አሲዳማ ይሆናል። ከተማሪዎችሽ ብዙዎቹ አባታቸው ኖራ በማሳ ላይ ሲበትን አይተዋል። ለምን እንደሚበትን ግን ማንም በክፍል ውስጥ አላስረዳቸውም። አንቺ ይህን አስበሽበታል፣ ግን በመጨረሻው መስመር ላይ የቤት ሥራ አድርገሽ ተውሽው። የዕቅድሽ ምርጡ ነገር እሱ ነውና ወደ መሃል ይምጣ።

መጀመሪያ ዓላማው። «ተማሪዎች ስለ አሲድና ቤዝ ምንነት ይረዳሉ» ብለሻል። መረዳታቸውን በምን ታያለሽ? ልጁ በክፍለ ጊዜው መጨረሻ ምን እንደሚሠራ ጻፊው። ለምሳሌ፦ «ተማሪው አራት የቤት ውስጥ ፈሳሾችን በአመልካች ፈትኖ አሲድና ቤዝ ብሎ ይለያል፤ ኖራ አሲዳማ አፈርን እንዴት እንደሚያሻሽል በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል።» ሁለት ዓላማ ለአንድ ክፍለ ጊዜ በቂ ነው። የጻፍሻቸው አምስት ናቸው። የፒኤች ስሌቱንና የአሲድ ዓይነቶችን ለሚቀጥለው አቆያቸው።

ሰዓቱን ስደምረው 40 ደቂቃ ሞልቷል። ወረቀት ላይ ልክ ነው። ሐሙስ ግን ክፍለ ጊዜሽ ከዕረፍት መልስ ነው፣ ልጆቹ ተጠቃለው እስኪገቡ ጊዜ ይሄዳል። ስም መጥራትም አለ። 64 ልጆች በስምንት ቡድን ሲቀመጡ፣ ዕቃ ሲታደልና ሲሰበሰብ የሚያልፈውን ጊዜ የትም አላሰብሽም። ከዚህ ሁሉ ጋር ገለጻው 20 ደቂቃ፣ የቡድን ሙከራው 10 ደቂቃ ነው። ልጆቹ እጃቸውን ሳያስገቡ ደወሉ ይደወላል። እንዲህ ብታደርጊው እመርጣለሁ፦ ስም መጥራትና ክለሳ 4፣ ማሳያና ገለጻ 6፣ የቡድን ሙከራ ከዕደላ ጋር 17፣ ቡድኖች ውጤታቸውን በሰሌዳ ላይ ሲሞሉ 7፣ የግል ጽሑፍ 6 ደቂቃ። ገለጻ ማሳጠሩ ከባድ እንደሚመስል አውቃለሁ። ያወራነው ሁሉ የተማሩት ይመስለናል።

ተግባሩ ላይ ሁለት ነገር ያሳስበኛል። በውሃ የተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ለልጆች እንዲታደል ጽፈሻል። ይህ ይቅር። ዓይን የሚጠበቅበት መነጽር የለንም፣ ክፍሉም ተጨናንቋል። በምትኩ የሎሚ ጭማቂ፣ አሬራ፣ የአመድ ውሃና የሳሙና ውሃ በቂ ናቸው። የአመድ ውሃውም ዓይን ስለሚያቃጥል ቀጠን ይበል፣ ማንም እንዳይቀምስም ተናገሪ። ሁለተኛው ሊትመሱ ነው። ስምንት ቡድን አራት ፈሳሽ በቀይና በሰማያዊ ሲፈትን 64 ቁራጭ ይፈልጋል፤ መጋዘን ውስጥ ያለው ግን 20 አይሞላም። ስለዚህ ሊትመሱን አንቺ በማሳያው ተጠቀሚበት፤ ልጆቹ በቀይ ሽንኩርት ይሥሩ። ቀይ ሽንኩርት ተቆራርጦ ሲቀቀል የሚወጣው ውሃ በአሲድ ወደ ሮዝ፣ በቤዝ ወደ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ያደላል። ከዋዜማው ራስሽ ሞክሪው፣ ቀለሙ እንደ ሽንኩርቱና እንደ ፈሳሹ ጥንካሬ ይለያያል።

ማሳያው ላይ ደግሞ ትንሽ የእርሻ ኖራ ወስደሽ ኮምጣጤ አፍስሽበት። ይንፈቀፈቃል። አሲዱ ከኖራው ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወጣ ነው። «ማሳችን ውስጥ ያለው አሲድ ምን ይሆናል?» ብለሽ ጠይቂና ልጆቹን አናግሪ። ማሳው ላይ ግን አረፋ እንደማይታይና ሥራው ወራት እንደሚወስድ ንገሪያቸው፣ አለበለዚያ ቤት ሄደው ማሳው ሲፈላ ይጠብቃሉ።

በምዘናው ሥር ያለው «በቃል ጥያቄ መጠየቅ» የሚል ብቻ ነው። እጅ የሚያወጡት ሁልጊዜ እነዚያው ፊት ወንበር ያሉት ናቸው። ከኋላ የምትቀመጠዋ፣ ዝም ያለችው ልጅ ምን እንደያዘች አታውቂም። ሙከራው ላይ በየቡድኑ ዞረሽ ማን እንደሚሠራ፣ ማን ቆሞ እንደሚያይ ምልክት አድርጊ። በመጨረሻዎቹ ስድስት ደቂቃዎች ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ በግማሽ ቅጠል ወረቀት ላይ ለሁለት ጥያቄ ይመልስ፦ አሬራና የአመድ ውሃ የትኛው አሲድ ነው፣ በምን አወቅህ? ገበሬ በማሳው ላይ ኖራ የሚጨምረው ለምንድን ነው? ነጥብ አትስጪበት። ማታ ሦስት ቦታ ክፈያቸው፦ የያዙ፣ ግማሹን የያዙ፣ ያልገባቸው። የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መግቢያሽ ከዚያ ይወጣል።

ዓላማውን፣ ሰዓቱንና ምዘናውን አስተካክለሽ እስከ ረቡዕ ከሰዓት ብታመጪልኝ አብረን እናየዋለን። የእርሻ ኖራውን ከእኛ ቤት አመጣለሁ።

የትምህርት ክፍሉ ተጠሪ