ኢድ ሙባረክ፣ የኔ ፍቅር

ኢድ ሙባረክ የኔ ቆንጆ! እንኳን ለኢድ አል ፈጥር በሰላም አደረሰሽ። ወሩን ሙሉ ለሱሁር በሌሊት እየተነሳሽ፣ ቀኑን ውሃ እንኳ ሳትቀምሺ ሥራ እየዋልሽ፣ ማታ በቴምር ስታፈጥሪ ሳይሽ እውነቴን ነው ኮራሁብሽ። ጾምሽንም ዱዓሽንም አላህ ይቀበልልሽ።

ከስታዲየም ሶላት ስትመለሺ እማማን እጃቸውን ሳሚልኝ፣ እንኳን አደረሰዎ ብሏል በያቸው። እኔ ሁዳዴ ላይ ስለሆንኩ የምስሩን ሳምቡሳ ደብቂልኝ፣ የሥጋው ለወንድሞችሽ ይሁን (እነሱ መቼ ያስቀራሉ!)። ለፋሲካ ደግሞ እናቴ ሥጋ ያልነካው ድስት ለብቻሽ ትጥዳለች፣ ከአሁኑ ሽሮውን ለይታ አስቀምጣለች።

ሂና የተቀባውን እጅሽን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። በጣም ነው የምወድሽ።