ያላየኸውን ዳዶ አትፈርምበት

ጅማ፣ ሄርማታ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴ ብቻ ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዘኛል።

ትናንት በስልክ ያጫወትከኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ባልደረባህ የኋላ ጎማ አስሮ «ቸኩያለሁ፣ አንተ ፈርምልኝ» አለህ፣ አንተም ፈረምክ። ወቀሳ አይደለም። እኔም በአንተ ዕድሜ ያንኑ አድርጌያለሁ።

የቡና ወቅት ነበር፣ ጋራዡ ተጨናንቋል። የአንድ አውቶቡስ ኋላ ግራ ጎማ አስገብቼ ዳዶዎቹን በእጅ ያዝ ያዝ እንዳደረግኩ አለቃዬ ጠራኝ። ከመሄዴ በፊት መዝገቡ ላይ «ጎማ ታስሯል» ብዬ ፈረምኩ፤ ተመልሼ አጠብቀዋለሁ ብዬ ነው። ተረሳ። የማታው ተረኛ ፊርማዬን አይቶ አለፈው፣ ምን ያድርግ? ጠዋት አውቶቡሱ ሰው ሞልቶ ወደ አዲስ አበባ ወጣ። አሰንዳቦ ላይ ሹፌሩ ከኋላ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ሰምቶ ቆመ። ሁለት ዳዶ ወድቋል፣ ሌሎቹ በጣት ይዞራሉ። ያን ድምፅ ሳይሰማ የግቤን ቁልቁለት ቢጀምረውስ? ዛሬም ሳስበው ሆዴ ይባባል።

ሹፌሩ ማታ ጋራዥ ገብቶ አይጠይቅህም። ረዳቱም፣ መስኮት ጋ የተቀመጠችው እናትም አይጠይቁህም። ያላቸው የአንተ ፊርማ ብቻ ነው።

ደግሞ ስትጽፍ ቁጥር ጻፍ። «ፍሬን ታይቷል» ማለት ለማንም አይጠቅምም። «የፊት ግራ ሸራ 9 ሚሊ፣ ቀኝ 5 ሚሊ» ብለህ ብትጽፍ ግን፣ ቀጥሎ የሚያየው ሰው አንዱ ወገን ለምን ቶሎ አለቀ ብሎ ይፈትሻል፤ ማስተካከያው ደርቆ ይሆናል፣ ወይ ሌላኛው ወገን ዘይት ጠጥቶ አይዝ ይሆናል። ታርጋውን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ ዳዶውን በቶርክ መፍቻ ስንት ላይ እንዳሰርክ አስፍር። ጎማ ወጥቶ ከገባ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ተነድቶ እንደገና መጥበቅ አለበት፤ እሱን ለብቻው ጻፈው፣ ያጠበቀው ሰው ራሱ ይፈርም። ያልጨረስከውን ሥራ «አልተጠናቀቀም» ብለህ መጻፍ ነውር የለውም። አለቃ ቢቆጣ ይቆጣ።

አሁን ይህን ስታነብ ያ መኪና ግቢ ውስጥ ካለ ሄደህ ዳዶዎቹን ራስህ በቶርክ መፍቻ እያቸው። ወጥቶ ከሆነ ሹፌሩ ጋ ደውልና አቁሞ እንዲያይ ንገረው፣ አትፈር። ከዚያ እኔ ጋ ደውል፣ ስልኬን አልዘጋም።

ጋሼህ