ለሆስፒታሉ ማስፋፊያ ፕሮጀክት የተዘጋጀ የባለድርሻ አካላት የተጽዕኖና የፍላጎት ሰንጠረዥ

ለ፦ የማስፋፊያ ፕሮጀክቱ ዐቢይ ኮሚቴ
ከ፦ የፕሮጀክቱ ጽሕፈት ቤት፣ ድሬዳዋ
ጉዳዩ፦ ከየባለድርሻ አካሉ ጋር የሚኖረንን ግንኙነት ስለመወሰን

በሆስፒታሉ ግቢ ምሥራቃዊ ክፍል ለእናቶች፣ ለሕፃናትና ለድንገተኛ ሕክምና የሚያገለግል ባለአራት ፎቅ ሕንፃ ለመገንባት ታቅዷል። ለዚህም በአጥሩ ጥግ ያሉ አሥራ አራት ሱቆች የሚነሡ ሲሆን፣ የማዋለጃ ክፍሉ ሥራው እስኪያልቅ በጊዜያዊነት ወደ ሌላ ሕንፃ ይዛወራል። ይህ ሰነድ በዚህ ሂደት ከማን ጋር፣ መቼና በምን መልክ መነጋገር እንደሚገባ ለኮሚቴው ውሳኔ ያቀርባል።

በመጀመሪያ ሁለቱን ቃላት መለየት ያስፈልጋል። «ተጽዕኖ» ስንል ማኅተም መያዝን ብቻ ሳይሆን ሥራውን የማስቆም፣ የማዘግየት ወይም የማፋጠን አቅምን ማለታችን ነው። «ፍላጎት» ስንል ደግሞ ፕሮጀክቱን መደገፍን አይደለም፤ ጉዳዩ የአንድን ወገን ኑሮ ወይም ሥራ ምን ያህል እንደሚነካ ነው። ስለዚህ ፕሮጀክቱን አጥብቆ የሚቃወም ሰውም ከፍተኛ ፍላጎት ያለው ተብሎ ይመዘገባል። ይህን ማብራሪያ የጨመርነው በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ አንዳንድ የክፍል ኃላፊዎች «ፍላጎት የላቸውም» ብለው የሞሏቸው ሰዎች በእርግጥ ተቃዋሚዎች ሆነው ስለተገኙ ነው።

| | ዝቅተኛ ፍላጎት | ከፍተኛ ፍላጎት |
|---|---|---|
| ከፍተኛ ተጽዕኖ | የኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ የውሃና ፍሳሽ ተቋም፣ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ የትራፊክ ፖሊስ፦ *ሳናሰለች የሚጠይቁትን እናሟላለን* | የጤና ቢሮ፣ የገንዘብ ቢሮ፣ የመሬት ጉዳይ የሚመለከተው ቢሮ፣ የሆስፒታሉ ቦርድ፣ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ባለሱቆች፣ የአፎቻና የእድር መሪዎች፦ *ከውሳኔ በፊት አብረን እንመክራለን* |
| ዝቅተኛ ተጽዕኖ | በአካባቢው ያሉ የግል መድኃኒት ቤቶች፣ አነስተኛ የዕቃ አቅራቢዎች፦ *ለውጥ ሲኖር እናሳውቃለን* | ታካሚዎችና አስታማሚዎች፣ የባጃጅ አሽከርካሪዎች፣ የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞች፦ *ያለማቋረጥ መረጃ እንሰጣለን፣ አስተያየታቸውንም እንሰበስባለን* |

በላይኛው ቀኝ ክፍል ከተዘረዘሩት መካከል የመንግሥት ቢሮዎቹ አከራካሪ አይደሉም። በጀቱና መሬቱ በእነርሱ እጅ በመሆኑ በየወሩ በጽሑፍ ሪፖርት፣ ውሳኔ በሚያስፈልግበት ጊዜ ደግሞ በአካል እንቀርባለን። ክርክር የተነሣው በባለሱቆቹ ላይ ነው። አንዳንድ የኮሚቴው አባላት ባለሱቆቹ ሥልጣን ስለሌላቸው ወደ ታችኛው ክፍል እንዲወርዱ ሐሳብ አቅርበዋል። ጽሕፈት ቤቱ በዚህ አይስማማም። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ይዞታው ለሕዝብ ጥቅም የሚነሣበት ሰው ካሳ የማግኘት፣ ቅር ሲሰኝም አቤቱታ የማቅረብና ይግባኝ የመጠየቅ መብት አለው። አንድ በአግባቡ ያልታየ አቤቱታ ተቋራጩን ከነማሽኑ በግቢው ውስጥ ያለ ሥራ ሊያቆመው ይችላል፤ ይህ ደግሞ ከላይ በተቀመጠው ትርጉም መሠረት ተጽዕኖ ነው። የይዞታ ማስረጃ የሌላቸውና ከሱቆቹ በረንዳ ላይ ሻይ የሚሸጡ ሴቶችም አሉ። እነዚህ በካሳ ዝርዝሩ ውስጥ ላይካተቱ ይችላሉ፤ ነገር ግን ሌሊት ለሚያድሩ አስታማሚዎች ትኩስ ነገር የሚያቀርቡት እነርሱ በመሆናቸው፣ በአዲሱ በር አጠገብ ጥላ ያለው መሸጫ እንዲዘጋጅላቸው ጽሕፈት ቤቱ ይጠይቃል።

ከባለሱቆቹ ጋር የሚደረገው ውይይት የሚመራው በአፎቻ መሪዎችና በአገር ሽማግሌዎች አማካይነት ቢሆን ይመረጣል። በከተማችን ሰው ሲሞት ቀብሩን፣ ሲዳርም ድግሱን አብሮ የሚሸከመው አፎቻ በቢሮ ደብዳቤ የማይገኝ አመኔታ አለው። ሆኖም መሪዎቹን ውሳኔ ካለቀ በኋላ ጠርቶ «ለሕዝቡ አስረዱልን» ማለት አመኔታቸውን ማባከን ነው። ስለዚህ የሕንፃውን ንድፍ ገና በእርሳስ ሳለ እንዲያዩት ይደረጋል። ስብሰባዎቹ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይካሄዳሉ። ዓርብ ቀንና የከሰዓት በኋላው የበርጫ ሰዓት አይመረጡም። ንግግሩ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይሆናል፤ ተርጓሚውም ከሆስፒታሉ ሠራተኞች ውጭ የተመረጠ ሰው ይሆናል።

ሐኪሞችና ነርሶች በየዕለቱ የምናገኛቸው ሰዎች ስለሆኑ ለመዘንጋት ቀላል ናቸው። የግንባታ አቧራ የሻጋታ ዘር ሊይዝ ስለሚችል የሰውነት መከላከያቸው ለደከመ ሕሙማን አደገኛ ነው። የኦክስጅን መስመሩ በሚቀየርበት ሰዓት ደግሞ በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ሰው ሊኖር ይችላል። እነዚህን አደጋዎች የሚያውቁት መሐንዲሶቹ ሳይሆኑ የክፍሉ ነርሶችና የኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴው ናቸው። በመሆኑም መስመር የሚቋረጥበትን ሰዓት የማጽደቅ ሥልጣን ለቀዶ ሕክምና ክፍሉ ኃላፊ ነርስ በጽሑፍ እንዲሰጥ እንጠይቃለን። የማዋለጃ ክፍሉን የዝውውር ዕቅድ የሌሊት ተረኛ አዋላጆች ከማንም በፊት አይተው አስተያየት ይሰጡበታል፤ መብራት ሲጠፋ የትኛው በር እንደሚከፈት የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

በላይኛው ግራ ክፍል ያሉት ተቋማት ስለ ሕንፃው ዕለት በዕለት ባያስቡም፣ አንድ ፊርማቸው ሲዘገይ ሥራው ይቆማል። የኤሌክትሪክ ጥያቄው የጀነሬተሩን አቅም ጨምሮ ከመሠረት ቁፋሮ በፊት ይቀርባል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማውም በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት ቀድሞ ይጠናቀቃል። የውሃና ፍሳሽ ተቋሙን በተመለከተ የዝናብ ውሃ መውረጃ ቦይ ለብቻው ውይይት ይፈልጋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ያደረሰውን ጉዳት የሚያስታውስ የድሬዳዋ ነዋሪ፣ ከአዲሱ ሕንፃ ጣሪያና ከኮንክሪት ግቢ የሚወርደው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ከጥያቄው በፊት በሥዕል ተዘጋጅቶ መገኘት አለበት። የሕክምና ቆሻሻ ማቃጠያውም ነፋሱ ጭሱን ወደ መኖሪያ ቤቶች በማይወስድበት ማዕዘን እንዲተከል ተወስኖ ነዋሪዎች ቦታውን በዓይናቸው እንዲያዩት ይደረጋል።

ታካሚዎችና አስታማሚዎች ከከተማው ብቻ ሳይሆን ከምሥራቅ ሐረርጌና ከሶማሌ ክልል ሲቲ ዞንም ይመጣሉ። ተደራጅቶ የሚናገርላቸው የለም፤ ለውጡ ከሁሉ በላይ የሚነካው ግን እነርሱን ነው። ማንበብ ለማይችሉት በሥዕልና በቀለም የተለዩ አቅጣጫ ጠቋሚዎች ይዘጋጃሉ፤ በበሩ ላይም ሦስቱን ቋንቋዎች የሚናገር አንድ መሪ ሠራተኛ ይመደባል። የባጃጅ አሽከርካሪዎች በሩ መዛወሩን ከሦስት ቀን በፊት በተራ አስከባሪዎቻቸው በኩል ይሰማሉ፤ ምጥ የያዛትን እናት ወደ ተዘጋ በር የሚያደርሳት ባጃጅ እንዳይኖር ነው።

ሰንጠረዡ በየሦስት ወሩ ይከለሳል። ከዚያ በፊትም ቅሬታ በጽሑፍ ሲቀርብ፣ የቢሮ ኃላፊ ሲለወጥ ወይም ተቋራጩ የሥራ ቦታውን ድንበር ሲያሰፋ ወዲያው ይታያል። ለእያንዳንዱ ወገን አንድ ተጠሪ ይሰየማል፤ ለባለሱቆቹና ለአፎቻ መሪዎች የሚሰየመው ግን ፕሮጀክቱ እስኪጠናቀቅ እንዳይቀየር ይጠየቃል።

በመጨረሻም ይህ ሰነድ ለኮሚቴው አባላት ብቻ የሚውል ነው። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው የስብሰባ መርሐ ግብሩና የተጠሪዎች ዝርዝር ነው፤ ማንም ሰው ስሙን «ዝቅተኛ ተጽዕኖ» በሚል ርዕስ ሥር እንዳያነብ የሰንጠረዡ ቅጂ በጽሕፈት ቤቱ ተቆልፎ ይቀመጣል።