የስሪዲ ፕሪንተር ቅንብር መመሪያ፦ ለኮምቦልቻው ወርክሾፕ

ይህ ከማሽኑ ጋር የመጣው የእንግሊዝኛ መመሪያ ትርጉም ነው። እኛን የማይመለከተውን ትቼ፣ እኛ ጋ የገጠመንን ጨምሬበታለሁ። ማሽናችን ፊላመንት እያቀለጠ የሚደረድረው ዓይነት ነው። ኖዝሉ 0.4 ሚሊ ሜትር፣ ፊላመንቱ ደግሞ 1.75 ሚሊ ሜትር ነው። ሥራውን የምናዘጋጀው Cura በሚባል ስላይሰር ነው፤ ስላይሰር ማለት ዕቃውን በሌየር በሌየር ከፋፍሎ ለማሽኑ የሚያዘጋጅ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ስክሪኑ አማርኛ ስለማያውቅ፣ እዚያ የምታዩትን ስም እንዳለ ጽፌዋለሁ። ፈልጋችሁ እንድታገኙት ነው።

መጀመሪያ ስለ ቃላቱ ትንሽ ላውራ፤ ሳልግባባ የቀረሁበት ጊዜ አለና።

ኖዝልን አልተረጎምኩም። እዚህ ከተማ ጋራዥ ያልረገጠ ሰው የለም፤ የናፍጣ መኪና ኖዝል ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ፊላመንትን «ክር» ልለው ነበር። ግን ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ነው፤ ክር ሲባል ሁሉም ሌላ ነገር ነው የሚያስበው። ስለዚህ ፊላመንት ይሁን። የሚሞቀውን ጠፍጣፋ ሳህን ልጆቹ «ምጣድ» ብለውታል፤ እኔም ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ግን አትርሱ። እንጀራ ምጣዱ ካልጋለ ነው የሚጣበቀው። ፕላስቲኩ ግን ምጣዱ ሲሞቅ ይይዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይለቃል። ያለቀ ሥራ በጩቤ ከመታገል ምጣዱ እስኪበርድ ጠብቁ።

የሌየር ውፍረት

ስክሪኑ ላይ Layer Height ይላል። በመጀመሪያው ረቂቄ ላይ ቃል በቃል «የሌየር ከፍታ» ብዬ ነበር። አንዱ ሠልጣኝ የዕቃው ከፍታ መስሎት 20 ብሎ አስገባ። ስላይሰሩ ቀይ አድርጎ እምቢ አለው፤ እሱም ማሽኑ ተበላሸ ብሎ ጠራኝ። ጥፋቱ የኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ውፍረት» ነው።

ነገሩ እንደ አነባበሮ ነው። አንዱ በሌላው ላይ እየተነባበረ ይወጣል። ሌየሩ ሲሳሳ ዕቃው ልሙጥ ይሆናል፣ ሰዓቱ ግን ይረዝማል። 30 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ዕቃ በ0.2 ሲሠራ 150 ሌየር ነው። በ0.12 ከሆነ 250 ይደርሳል። በ0.28 ደግሞ 107 አካባቢ ይበቃዋል። መብራት በሚሄድበት ከተማ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ልኩ ከኖዝሉ ጋር የተያያዘ ነው። ከኖዝሉ ስፋት ከሩብ አይነስ፣ ከሦስት አራተኛ ብዙም አይለፍ። ለኛው 0.4 ኖዝል ከ0.1 እስከ 0.3 ማለት ነው። ከዚያ ከወፈረ አዲሱ ሌየር ከታችኛው ጋር በደንብ አይጫንም፤ ዕቃው በእጅ ይላጣል።

የኛ ማሽን ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀሰው በጥርስ ዘንግ ነው። ዘንጉ አንድ ዙር ሲዞር 8 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፤ ሞተሩ አንድ ዙር በ200 እርምጃ ይጨርሳል። 8ን ለ200 ስታካፍሉ 0.04 ይመጣል። ስለዚህ የ0.04 ብዜቶችን ምረጡ፦ 0.12፣ 0.16፣ 0.20፣ 0.24፣ 0.28። ሞተሩ ሙሉ እርምጃ ላይ ስለሚያርፍ ሌየሮቹ እኩል ይሆናሉ። 0.15 ብታስገቡም ማሽኑ ይሠራል፤ ግን ለምን?

የመጀመሪያው ሌየር ለብቻው ነው፤ Initial Layer Height ይባላል። 0.24 አድርጉት፤ ምጣዱ ትንሽ ቢያዘነብልም ይችለዋል። ፍጥነቱን ቀንሱ፤ በሰከንድ 20 ሚሊ ሜትር ሸጋ ነው። የመጀመሪያውን ሌየር ሳታዩ ሻይ ልጠጣ ብላችሁ አትውጡ። ስትመለሱ የፕላስቲክ ጎጆ ነው የምታገኙት።

ሙሌት

Infill ማለት ነው። ዕቃው ውጪው ግድግዳ ነው፣ ውስጡ ግን ድፍን አይደለም፤ በመረብ ይሞላል። ስንት በመቶ እንደሚሞላ የሚወስነው Infill Density ነው። የመረቡን ቅርጽ የሚወስነው ደግሞ Infill Pattern።

ለማሳያ ወይም ለጌጥ 10 በመቶ ይበቃል። ለተራ ዕቃ ከ15 እስከ 20። ጉልበት ለሚያርፍበት እንደ ማርሽ ጥርስ ያለ ነገር ከ40 እስከ 50። መቶ በመቶ የሚጠይቁኝ አሉ። ቶርኖ ቤት ያሉት ጋሼ ለምሳሌ። «ባዶ ነገር እኔ አልገጥምም» አሉኝ። አልፈርድባቸውም፤ ዕድሜ ልካቸውን ብረት ነው የቆረጡት። ለእሳቸው አንድ የልብስ ስፌት ማሽን መዘውር በሁለት መንገድ ሠራሁላቸው። አንዱ ሁለት ግድግዳ ሆኖ ሙሌቱ 60 በመቶ። ሌላው አምስት ግድግዳ ሆኖ ሙሌቱ 25 በመቶ። በሞርሳ ጨምቀው ሞከሩት። መጀመሪያ የተሰነጠቀው 60ው ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዕቃ ሲታጠፍ ኃይሉ የሚበረታው ውጪው ላይ ነው፤ ቧንቧ ባዶ ሆኖ ጠንካራ የሆነው ለዚህ ነው። ስለዚህ ጥንካሬ ስትፈልጉ መጀመሪያ Wall Line Count የሚለውን ጨምሩ። ለተራ ዕቃ 3፣ ለመለዋወጫ 4 ወይም 5። ሙሌት ከዚያ በኋላ ነው።

ቅርጹን በተመለከተ፣ Grid ፈጣን ነው፤ ግን በአንዱ ሌየር ላይ መስመሮቹ አንዱ በሌላው ላይ ያልፋሉ። በሚገናኙበት ቦታ ፕላስቲኩ ይቆለላል፤ ኖዝሉ ሲያልፍ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። አንዳንዴ ዕቃውን ከምጣዱ ያነሳዋል። እኔ Gyroid ነው የማዘው። ሞገድ ይመስላል፣ በአንድ ሌየር ላይ በራሱ መስመር ላይ አያልፍም፣ ከየትኛውም አቅጣጫ ሲጫኑት ተመሳሳይ ይቋቋማል። ቅርጹን በ1970 የገለጸው አላን ሾን የተባለ የናሳ ተመራማሪ ነው፤ እሱ ያኔ ለኮምቦልቻ መዘውር ይጠቅማል ብሎ ያሰበ አይመስለኝም።

ሙሌቱ ከ15 በታች ከሆነ ጣሪያው ይሰረጉዳል። Top Layers የሚለውን በ0.2 ውፍረት ቢያንስ 5 አድርጉት።

ገፍቶ ማውጣት

ከሁሉም ያስቸገረኝ ይህ ነው። Extrusion ለሚለው አንድ ወጥ የአማርኛ ቃል አላገኘሁም። «ግፊት» ብል ሰው የአየር ግፊት ይመስለዋል። «ጭመቃ» ብል ጁስ ቤት ሆነ። ስለዚህ ሥራውን «ገፍቶ ማውጣት»፣ ሥራውን የሚሠራውን ክፍል «ኤክስትሩደር»፣ የሚወጣውን መጠን ደግሞ «ፍሰት» ብያለሁ። ሦስቱን አታምታቱ፤ ሲበላሹ የሚስተካከሉት በተለያየ ቦታ ነው።

ከሚገባው በታች ሲወጣ መስመሮቹ መሀል ክፍተት ይታያል፤ ግድግዳው ወንፊት ይሆናል። ከሚገባው በላይ ሲወጣ ላዩ ይሸካከራል፤ ቀዳዳው ይጠባል፤ ብሎን አልገባም ይላል።

መጀመሪያ የሚስተካከለው ኤክስትሩደሩ ነው። 100 ሚሊ ሜትር አውጣ ስትሉት በትክክል 100 ማውጣት አለበት። ኖዝሉን 200 ዲግሪ አሙቁ፤ ከ170 በታች ማሽኑ አልገፋም ይላል፣ ትክክልም ነው። ከኤክስትሩደሩ መግቢያ ጀምራችሁ 120 ሚሊ ሜትር ላይ ፊላመንቱን በማርከር ምልክት አድርጉ። ከዚያ ይህን ትእዛዝ ለማሽኑ ላኩ፦

```
M83
G1 E100 F60
```

አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ አታጣድፉት። ሲቆም ከመግቢያው እስከ ምልክቱ ለኩ። 20 ከቀረ ጨርሳችኋል። የኛ ማሽን 24 ቀረው፤ ማለትም የወጣው 96 ብቻ ነው። M503 ብላችሁ ስትልኩ የድሮው ቁጥር ይታያል፤ የኛው 93 ነበር። 93ን በ100 አባዙ፣ ለ96 አካፍሉ፤ 96.88 ይመጣል። አስገብታችሁ አስቀምጡት፦

```
M92 E96.88
M500
```

M500ን ከረሳችሁ መብራት ሲጠፋ ሁሉም ወደ ድሮው ይመለሳል። እኔ ሁለት ጊዜ ረስቻለሁ።

ፍሰት የሚመጣው ቀጥሎ ነው። ስክሪኑ Flow ይለዋል፤ ሲጀመር 100 በመቶ ነው። ባለ አንድ ግድግዳ፣ ጣሪያና ሙሌት የሌለው ሳጥን አትሙ። Line Width 0.44 አድርጉ። ሲያልቅ ግድግዳውን በካሊፐር በአራቱም ጎን ለኩና አማካዩን ውሰዱ። 0.48 ከሆነ፣ 0.44ን ለ0.48 አካፍላችሁ በ100 ስታባዙ 92 ገደማ ይሆናል። Flow ላይ 92 አስገቡ። ይህ በየፊላመንቱ ይለያያል፤ ጥቅል በተቀየረ ቁጥር ይደገም።

ከዚያ በዕቃው መሀል የሸረሪት ድር የመሰለ ፀጉር ካያችሁ፣ Retraction Distance ነው። ኖዝሉ ቦታ ሲቀይር ፊላመንቱን ወደ ኋላ የሚስበው ርቀት ነው። የኛ ኤክስትሩደር ከኖዝሉ ርቆ በቱቦ ስለሚልክ 5 ሚሊ ሜትር ጥሩ ነው። ኤክስትሩደሩ ኖዝሉ ላይ የተቀመጠ ማሽን ያላችሁ ከ1 ጀምሩ። 5 ብትሉት ትደፍኑታላችሁ።

ሙቀትና እርጥበት

ፒኤልኤ ለሚባለው የፊላመንት ዓይነት ኖዝሉ ከ195 እስከ 210፣ ምጣዱ 60። ፔትጂ ለሚባለው ደግሞ ኖዝሉ ከ230 እስከ 245፣ ምጣዱ 80። ፒኤልኤ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል። ስለዚህ ሞተር አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ለሚቀመጥ ዕቃ አይሆንም፤ ፔትጂ አድርጉት።

ደሴ ይዛችሁት የምትወጡ ሰዎች ይህችን ስሙ። ሐረጎን ሲወጡ አየሩ ሌላ ነው። በክረምት አንድ የፔትጂ ጥቅል ደሴ ቤቴ መስኮት ሥር ሁለት ሳምንት ተከፍቶ ቆየ። ሲታተም እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣ ጀመር። ፊላመንቱ የጠጣው እርጥበት ኖዝሉ ውስጥ ሲፈላ ነው ድምፁ። ፔትጂ በ65 ዲግሪ፣ ፒኤልኤ በ45 ዲግሪ ለስድስት ሰዓት ያህል ይድረቅ። ከዚያ ክዳኑ በሚገጥም ባልዲ ውስጥ እርጥበት ከሚመጥ የሲሊካ ከረጢት ጋር ይቀመጥ። ብርዱም የዕቃውን ጥግ ከምጣዱ ያነሳል፤ በሩን ዝጉ፣ ማሽኑን ከነፋስ አርቁ።

መብራት ከሄደ ማሽኑን አትንኩት። ሲመለስ Resume Print ይላችኋል። ምጣዱ በርዶ ዕቃው ከለቀቀ ግን አትቀጥሉ፤ አንሱና እንደገና ጀምሩ።

እዚህ የጻፍኳቸው የCura ቁጥሮች Kombolcha_020 በሚል ስም እዚያው ተቀምጠዋል። ልትቀይሩ ስትፈልጉ መጀመሪያ በራሳችሁ ስም ቅጂ አውጡ።