ዓይን የሌለው እንጀራ

እትዬ አስካለ የደወሉት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የማድረው ሱቁ ውስጥ ስለሆነ ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሰላምታ እንኳን አላስቀደሙም።

«ናሆም፣ ያ ምጣድ ዛሬም አንጀቴን አሳረረኝ። ሊጡ ኩፍ ብሎ እየጠበቀኝ ነው። ጋሽ ደምሴን ቀስቅስልኝ።»

ክው አልኩ። የዚያን ምጣድ ሽቦ ባለፈው ሳምንት የቀየርኩት እኔ ነበርኩ። ብቻዬን የተላክሁበት የመጀመሪያ ሥራ ነው። ሽቦውን ዘርግቼ፣ ቦዩ ውስጥ አስተኝቼ፣ ጫፎቹን አጥብቄ፣ ምጣዱ ሲግል እጄን ከላይ ዘርግቼ አይቼ ነው የወጣሁት። 800 ብርም ተቀብያለሁ።

የአለቃዬ የጋሽ ደምሴ ቤት ከሱቁ ጀርባ ነው። ስነግረው አልተቆጣም። ጃኬቱን ደርቦ የዕቃ ቦርሳውን አሸከመኝና ወጣን። ቱሉ ዲምቱ በዚያ ሰዓት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከኮንዶሚኒየሞቹ ማዶ ወደ አዳማው ፈጣን መንገድ የሚያመሩ የጭነት መኪኖች ድምፅ ይሰማል።

«ምን ይመስልሃል?» አለኝ እየሄድን።

«አዲሱ ሽቦ አንደኛ ደረጃ ላይሆን ይችላል። ሌላ እንግዛ።»

«እሺ» አለ። እሺ ሲል መስማማቱ እንዳልሆነ ገና አላወቅኩም ነበር። ከእሱ ጋር መሥራት ከጀመርኩ ገና አራት ወር ነው።

የእትዬ አስካለ ማድ ቤት ከዋናው ቤት ጀርባ ያለ የቆርቆሮ ክፍል ነው። ሁለት ምጣድ አላቸው፣ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ሠፈሩ ውስጥ ላሉ ሦስት ምግብ ቤቶችና ሁለት ሱቆች ያቀርባሉ። ሌሊት የሚጋግሩት ሰው ሁሉ ተኝቶ መብራቱ ሲበረታ ነው። ስንደርስ በቀኙ ምጣድ የወጡ ሁለት እንጀራዎች ሰፌድ ላይ ተነጥለው ተቀምጠዋል። ነጣ ያሉ፣ ከሥር ያልጠነከሩ፣ ዓይን የሌላቸው። በግራው የወጣው ግን እንደ ማር እንጀራ ዓይኑ የፈካ ነው።

እኔ ቀጥታ ወደ ቀኙ ምጣድ ሄጄ ካቻቢቴ አወጣሁ።

«ተወው» አለኝ ጋሽ ደምሴ። «መጀመሪያ ባለቤቷን ጠይቅ። ከምጣዱ ጋር የሚውሉት እሳቸው ናቸው።»

ምን እንደምጠይቅ አላወቅኩም። እሱ ጠየቀ። መቼ ነው የሚደክመው? ገና ሲለኩስ ነው ወይስ ቆይቶ? ሌላ የሚታይ ነገር አለ?

«ሲጀምር ደህና ነው» አሉ እትዬ አስካለ ማሰሻቸውን እንደያዙ። «የመጀመሪያው፣ ሁለተኛው እንጀራ ምንም አይልም። ከዚያ እያደር… ልክ እንደ ደከመው ሰው ነው። አጥፍቼ ትንሽ ካሳረፍኩት ደግሞ ይሻለዋል። ይቺ አምፖልም ታዝናለች።»

«የቷ አምፖል?»

ጣራው ላይ ያለችውን አሳዩት። ጋሽ ደምሴ ቀኙን ምጣድ አብራ አለኝ። አበራሁ። አምፖሏ ፈዘዝ አለች። ግራውን ሲያበሩ ግን ንቅንቅ አላለችም። ሄጄ የዋናውን ቤት መብራት እንዳይ ላከኝ። የቀኙ ምጣድ ሲበራም ሲጠፋም እዚያ ያለው መብራት ያው ነው።

«እንግዲህ ንገረኝ» አለ ጋሽ ደምሴ። «አምፖሏ የምጣድ ሽቦ አላት?»

«የላትም።»

«ታዲያ ለምን ታመመች?»

ዝም አልኩ። በውስጤ ግን የሆነ ነገር ተገላበጠ። ምጣዱም አምፖሏም የታመሙት አብረው ነው። አብረው የሚጋሩት ደግሞ መንገዱን ነው። ከብሬከሩ ተነስቶ በግድግዳው አልፎ የሚመጣውን ገመድ። ዋናው ቤት ደህና ከሆነ፣ ግራው ምጣድም ደህና ከሆነ፣ ችግሩ ከውጭ የሚገባው መስመርም አይደለም ማለት ነው። ሰው እዚህ ሠፈር እንጀራ ሲነጣበት ወዲያው ከመንገድ የሚመጣውን መብራት ነው የሚያማው። እኔ ደግሞ ምጣዱን አምቼ 800 ብር አስከፍያለሁ።

(አምፖልና ምጣድ በአንድ መስመር ላይ መጫን ራሱ ትክክል አይደለም። ምጣድ ለብቻው ብሬከርና ገመድ ይፈልጋል። ያን ሌሊት ግን ያቺ አምፖል ባትኖር መንገዱን ለማየት ብዙ በደከምን ነበር።)

ቴስተሩን አወጣሁ። ምጣዱ ጠፍቶ ሳለ ሶኬቱ ላይ ቮልቱን ለካሁ። 219።

«219 ነው፣ ደህና ነው» አልኩ። ድምፄ ላይ ትንሽ ኩራት ነበረበት።

«ጭነት ሳይኖርማ ምን ይሆናል» አለኝ። «ባዶውን የሚሄድ አህያ አንካሳ ይሁን ጤነኛ በምን ታውቃለህ? ጫንና እይ።»

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ሳለሁ አስታውሰዋለሁ። ቴስተር ራሱ የሚስበው ኤሌክትሪክ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ገመዱ በአንዲት ቀጭን ክር ተንጠልጥሎ ቢሆን እንኳን ቮልቱን ሙሉ አድርጎ ያሳያል። የላላ ነገር የሚጋለጠው ብዙ ኤሌክትሪክ እንዲያልፍበት ሲጠየቅ ነው። የእትዬ አስካለ ምጣድ ደግሞ 3,500 ዋት ነው፣ ወደ 16 አምፔር ይጠይቃል።

ምጣዱን አበራን። ከዚህ በኋላ ቴስተሩን የያዘው እሱ ነው። ክፍት ነገር ላይ በኃይል ላይ እያለ መለካት ገና አልተፈቀደልኝም። የእኔ ሥራ ቁጥሩን ማንበብና መጻፍ ነበር። የጎማ ጫማ አድርጎ፣ አንድ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ነው የሚለካው።

ብሬከሩ መውጫ ላይ 216። ሶኬቱ ላይ 203። ትንሽ ጠበቅን፣ 199። ደግሞ ጠበቅን፣ 195።

«21 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል» አልኩ።

«የት?»

ከብሬከሩ እስከ ሶኬቱ አሥር ሜትር ገደማ ይሆናል። ግድግዳ መስበር ነው የታየኝ። ጋሽ ደምሴ ግን ዓይኑን ገመዱ በሚያልፍበት በኩል አስሄደና ከበሩ በላይ ያለች፣ ጭስ ያጠቆራት ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ላይ አቆመ። መገጣጠሚያዋ ናት። «ገመድ መሃሉ ላይ ብዙም አይታመምም» አለ። «የሚታመመው ሰው የነካው ቦታ ላይ ነው። የተቆረጠበት፣ የተቀጠለበት፣ የተጠበቀበት።»

ብሬከሩን አወረደ። ክዳኗን ከፈተ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ወጣ። እኔ ወዲያው እጄን ልሰድ ስል ክንዴን ያዘኝ።

«ሽታ ማስረጃ አይደለም። እንለካው።»

መሰላል ላይ ወጥቶ ብሬከሩን መልሼ እንዳነሳ አዘዘኝ። ምጣዱም በራ። ከዚያ በሕይወቴ አይቼው የማላውቀውን ነገር አደረገ። አንዱን የቴስተር ጫፍ ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ገመድ፣ የፌዙ፣ ማያያዣ መግቢያ ላይ፣ ሌላውን መውጫው ላይ አሳረፈ። ያው አንድ ገመድ ነው! በአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ መካከል ምን ይለካል?

«ስንት ይላል?»

«0.2።»

«ጥሩ። መንገዱ ክፍት ነው።» ጫፎቹን ወደ መመለሻው ገመድ፣ ወደ ኒውትራሉ አዛወረ። «አሁንስ?»

ቁጥሩ አልቆም አለኝ። 14። 16። 19።

«19» አልኩ። ከዚያ ዞሬ ወረቀቴን አየሁ። ከጠፋው 21 ቮልት ውስጥ 19ኙ እዚህች ጣት የማታክል ቦታ ላይ ቁጭ ብሏል። የቀረውን ሁለቱን ገመዱ ራሱ በርዝመቱ የሚበላው ነው።

ምጣዱንና ብሬከሩን አጥፍቶ ወረደ። 19 ቮልት፣ ምጣዱ ደክሞ ሳለ በሚስበው 14 አምፔር ሲባዛ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። 266 ዋት። ያን ያህል ሙቀት ከበሩ በላይ፣ ከቆርቆሮውና ከእንጨቱ አጠገብ፣ ሌሊት ሌሊት ሲነድ ከርሟል። እትዬ አስካለ ይህን ሲሰሙ «በስመ አብ» ብለው ሰፌዱን አስቀመጡ። ልጆቻቸው ከማድ ቤቱ ጋር በተያያዘው ክፍል ነው የሚተኙት።

ምጣዱም የደከመው ለዚሁ ነው። ሙቀት ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፣ ቮልቱ ትንሽ ሲወርድ እሱ በብዙ ይወርዳል። 214 ቢደርሰው ኖሮ 3,300 ዋት ገደማ ይሰጥ የነበረው ምጣድ፣ በ195 የሚሰጠው 2,750 አካባቢ ነው። አዲሱ ሽቦ ምን በወጣው! ሲጀምር ደህና ሆኖ ቆይቶ የሚደክመውም፣ መጋጠሚያው ሲግል ይበልጥ እየከፋ ስለሚሄድ ነው። እትዬ አስካለ ሁሉንም ነግረውን ነበር።

ጋሽ ደምሴ መሰላሉን ለእኔ ለቀቀልኝ። ቴስተሩን መጀመሪያ በሚሠራው ሶኬት ላይ ሞከርኩ፣ ከዚያ ሳጥኗ ውስጥ ኃይል አለመኖሩን አየሁ፣ መልሼ ሶኬቱ ላይ ሞከርኩ። ቴስተሩ ራሱ ሞቶ «ምንም የለም» እንዳይለኝ ነው። ከዚያ የኒውትራሉን ገመድ በሁለት ጣቴ ሳብኩት። ሳልታገል እጄ ላይ ወጣ።

ብሎኑ ተጠብቋል። የጠበቀው ግን መዳቡን ሳይሆን የገመዱን ልባስ ነክሶ ነው። ገመዱ ሲላጥ አጥሮ ተልጧል፣ ብሎኑ ሥር የገባችው የመዳብ ጫፍ ትንሽ ናት። ፕላስቲኩ እየሞቀ ሲለሰልስ ላላ፣ ሲላላ ይበልጥ ሞቀ። ያጠበቀው ሰው ካቻቢቴው አልዞር ሲለው ጨረስኩ ብሎ ወርዷል። ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን አውቀዋለሁ። እኔም ባለፈው ሳምንት እንደዚያ ነው የወረድኩት።

የጠቆረውን ክፍል ቆርጬ ጣልኩ። የሚያብረቀርቅ መዳብ እስኪመጣ ላጥኩ። ማያያዣውን በአዲስ ቀየርኩ፣ አጠበቅኩ፣ ሳብኩ። ከዚያ ሌሎቹን ገመዶች ሁሉ አንድ በአንድ ሳብኳቸው። ስናበራው ሶኬቱ ላይ 213 አለ። እዚያው ቆመን አሥር ደቂቃ ጠበቅን፣ 213።

እትዬ አስካለ ምጣዱን አሰሱ፣ ሊጡን ከዳር ጀምረው አዞሩ፣ ዓይኑ ሲወጣ ጠብቀው አክንባሎውን ደፉ። እኔ ከኪሴ 800 ብሩን አወጣሁ። ጋሽ ደምሴ አላየሁም ብሎ ዞረ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ሽቦው ጤነኛ ነበር፣ እትዬ። ያለ ጥፋቱ ነው የቀየርኩት።»

400ውን መለሱልኝ። «ሽቦውስ አዲስ አይደል? ይቆየኛል» አሉ።

ሊነጋጋ ሲል ጋሽ ደምሴ ትኩሱን እንጀራ በሽሮ እየበላ፣ በአገጩ ወደ ግራው ምጣድ ሳጥን ጠቆመኝ። «ያንንም እይ። ያው እጅ ነው የሠራው።»

ብሬከሩን አውርጄ መሰላሉ ላይ ወጣሁ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው የተቀመጠው። ክዳኑን ልከፍት ስል፣ ሳይዞር ጠየቀኝ።

«ቴስተሩን የት ሞከርከው?»

ወረድኩና በሚሠራው ሶኬት ላይ ሞከርኩት።