ደመወዝ ስሙን ሲቀይር፦ የታክስ ሕግ የፈተና ጥያቄ ከነመልሱ

ታሪኩን ሁለት ጊዜ አንብቡት። አገሩም ሕጉም ለጥያቄው የተፈጠሩ ናቸው። የገንዘቡን ስም አልጻፍኩም፤ አያስፈልግም።

ታሪኩ

አንዲት መሐንዲስ በአንድ የግንባታ ኩባንያ ውስጥ ሰባት ዓመት ሠርታለች። ደመወዟ በወር 100,000 ነው። የሥራ ግብሩ 30 በመቶ ስለሆነ ኩባንያው በየወሩ 30,000 ቀንሶ ለግብር ባለሥልጣኑ ያስገባል። ጭማሪ ስትጠይቅ የፋይናንስ ኃላፊው "ጭማሪ እንኳ የለም። ግን እጅሽ የሚገባውን የምናበዛበት መላ አለ" አላት።

መላው ይህ ነው። ደመወዟ ወደ 40,000 ወረደ። በስሟ የአንድ ሰው ድርጅት አቋቋመች፤ ድርጅቱ በየወሩ "ለማማከር አገልግሎት" የ35,000 ደረሰኝ ይቆርጣል። ድርጅቶች የሚከፍሉት ግብር 15 በመቶ ነው፤ ትርፉን ባለቤቷ ስታወጣው ሌላ ግብር የለበትም። የቀረውን 25,000 ኩባንያው ለሠራተኞች ወዳቋቋመው ፈንድ ያስገባል። ፈንዱ በዚያው ቀን ለእሷ ያበድራታል። ወለድ የለውም፤ የሚከፈለው ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ብድር ደግሞ ገቢ ስላልሆነ ግብር የለበትም።

ሥራዋ ግን ቅንጣት አልተለወጠም። ያው ጠረጴዛ፣ ያው አለቃ፣ ያው የመግቢያ ሰዓት። ዕረፍት ስትወጣ ፈቃድ ትጠይቃለች። ድርጅቷ ሌላ ደንበኛ የለውም። ብድሩን በተመለከተ ኃላፊው በኢሜይል "አይዞሽ፣ ይህን ገንዘብ ማንም መልሺ አይልሽም" ብሎ ጽፎላታል።

ድርጅቷ የተቀበለውን ገንዘብ በሙሉ አስታውቋል። ግብሩንም ከፍሏል። በግሏ በምትሞላው ቅጽ ላይ ግን "ከአሠሪዎ ወይም አሠሪዎ ካቋቋመው ፈንድ ብድር ወስደዋል?" የሚል ጥያቄ አለ። ቅጹን የሞላው ኃላፊው ነው፤ "አልወሰድኩም" ብሎ ሞላው። እሷም አንብባ ፈረመች።

በ18ኛው ወር ማብቂያ ከባለሥልጣኑ የኦዲት ደብዳቤ መጣ። በማግስቱ ኃላፊው 18 "ወርሃዊ የምክር ሪፖርት" አዘጋጀ። እያንዳንዱ ላይ ያለፈ ወር ቀን አለ። ሁሉንም ፈረመቻቸው።

ሕጉ

ክፍል 5፦ ተቀጣሪ ለሠራው ሥራ የሚያገኘው ማንኛውም ክፍያ ወይም ጥቅም፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ በማንም በኩል ይምጣ፣ የሥራ ገቢ ነው።

ክፍል 9፦ ዋና ዓላማው ግብር መቀነስ የሆነና እውነተኛ የንግድ ይዘት የሌለው ስምምነት ሲገኝ፣ ባለሥልጣኑ ስምምነቱን እንዳልነበረ ቆጥሮ ግብሩን ማስላት ይችላል።

ክፍል 14፦ አውቆ ገቢ የደበቀ፣ በቅጽ ላይ ሐሰት የሞላ ወይም ሐሰተኛ ሰነድ ያቀረበ ወይም ለማቅረብ ያዘጋጀ በወንጀል ይጠየቃል።

ጥያቄው

ዝግጅቱ ሕጋዊ ታክስ መሸሽ ነው ወይስ ሕገወጥ ታክስ ስወራ? የመሐንዲሷንና የኃላፊውን ኃላፊነት ለይታችሁ መልሱ።

መልሱ

ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ይሳሳታል። ጥያቄው "ወይስ" ስላለው ብቻ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። በመሃል ሦስተኛ ሳጥን አለ፤ ያልተሳካ መሸሽ። ሰውየው ምንም አልደበቀም፣ ግን ዝግጅቱ በሕግ ፊት አይቆምም። ግብሩን ከነወለዱ ይከፍላል፣ ወንጀለኛ ግን አይደለም። ስለዚህ ታሪኩን በጅምላ አትፍረዱበት። ቆራርጡት።

መጀመሪያ ሒሳቡ። ድሮ በወር 30,000 ግብር ነበር። አሁን ከደመወዙ 12,000፣ ከድርጅቱ 5,250፣ ከብድሩ ዜሮ። ድምሩ 17,250። በወር 12,750 ቀረ፤ በ18 ወር 229,500።

የድርጅቱ ጉዳይ። ተከላካዩ የሚመዘው ካርድ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በዚያ ዘመን የብሪታንያ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት የዌስትሚንስተር ዱክን ጉዳይ ወሰነ። ዱኩ አትክልተኛውን ጨምሮ ለሠራተኞቹ በደመወዝ ፈንታ በውል ሰነድ ዓመታዊ ክፍያ ይከፍል ነበር፤ ክፍያው ከግብሩ ስሌት ይቀነስለት ነበር። ፍርድ ቤቱ ሰነዱን እንደ ሰነድ አነበበውና ዱኩ አሸነፈ። ሰው ጉዳዩን ግብር በሚቀንስለት መንገድ ማዘጋጀት ይችላል የሚለው መርህ የሚጠቀሰው ከዚህ ፍርድ ነው። ሎርድ አትኪን ግን አልተስማሙም ነበር። እኔም ፍርዱን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ወደ እሳቸው ያደላል።

ካርዱ እዚህ አይሠራም። የእኛ ክፍል 5 "ስሙ ምንም ይሁን ምን" ይላል። ያው ጠረጴዛ፣ ያው አለቃ፣ አንድ ደንበኛ፤ ማማከር የሚባል ነገር የለም፣ ደመወዝ ነው። ግን ደረሰኙ ተቆርጧል፣ ገቢው ታውቋል፣ ግብሩ ተከፍሏል። ኦዲተሩ ፋይሉን ቢከፍት ሁሉንም ያገኘዋል። ስለዚህ እስከ ኦዲቱ ደብዳቤ ድረስ ይህ ክፍል ያልተሳካ መሸሽ ነው። ልዩነቱ ይከፈላል፤ ድርጅቱ የከፈለው 5,250 ሊታሰብለት ይገባል ብሎ የሚከራከር ተማሪ ተጨማሪ ነጥብ አለው።

ብድሩ። የዱኩን መርህ በቃል ይዞ ለሚመጣ ተማሪ ሁለት ፍርዶች አሉኝ። በራምዚ ጉዳይ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ያው ፍርድ ቤት ተከታታይ ሰነዶችን አንድ በአንድ ሳይሆን እንደ አንድ ዕቅድ ማየት እንደሚቻል አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሬንጀርስ እግር ኳስ ክለብን ጉዳይ ወሰነ። ገንዘቡ ወደ አደራ ፈንድ ገብቶ ለተጫዋቾች በብድር ይሰጥ ነበር። ፍርድ ቤቱ ገንዘቡ ወደ ፈንዱ የገባው ለሥራቸው ዋጋ ስለሆነ የሥራ ገቢ ነው አለ። የእኛ ታሪክ መንትያው ነው ማለት ይቻላል። ክፍል 5 "በማንም በኩል ይምጣ" ስለሚል ጉዳዩን ወደ ክፍል 9 መውሰድ እንኳ አያስፈልግም።

ደመወዝ ነው ማለት ግን ወንጀል ነው ማለት አይደለም። ወንጀል ያደረገው ቅጹ ነው። ቅጹ የጠየቀው "ገቢ ነው?" ብሎ አይደለም፤ "ብድር ወስደዋል?" ብሎ ነው። ብድር ነው ብላ ብታምን መልሱ "አዎ" ነበር። ደመወዝ ነው ብላ ብታምን ደግሞ ገቢዋ ውስጥ ልትጽፈው ይገባ ነበር። "አልወሰድኩም" በሁለቱም መንገድ አይቆምም። ኢሜይሉ እዚህ ጋ ከባድ ማስረጃ ነው፤ እንደማይመለስ ታውቅ ነበር። "እሱ ነው የሞላው" የሚለው መከላከያም አንብባ መፈረሟን አያጠፋም። ቢበዛ ቅጣት ያቀልላታል።

ሪፖርቶቹ ላይ ብዙ ቀለም አታባክኑ። ያልተሠራ ሥራ፣ ያለፈ ቀን፣ ኦዲተርን ለማሳሳት። ሐሰተኛ ሰነድ ነው። አልቀረቡም ብትሉ እንኳ ክፍል 14 "ለማቅረብ ያዘጋጀ" ይላል። የሚገርመው፣ ድርጅቱን በሚመለከት እስከዚያች ቀን ድረስ ወንጀል አልነበረም። ሪፖርቶቹ ናቸው ያመጡት።

የፋይናንስ ኃላፊው ቅጹንም ሞልቷል፣ ሪፖርቶቹንም አዘጋጅቷል፤ በክፍል 14 ሁለት ጊዜ ይያዛል። ኩባንያው ደግሞ ግብሩን ቀንሶ የማስገባት ግዴታ ስለነበረበት ባለሥልጣኑ ለልዩነቱ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሱን በር ነው።

አሁን አንድ ነገር ልለውጥና እናንተ ቀጥሉ። ደብዳቤው ከመምጣቱ ከአንድ ወር በፊት መሐንዲሷ ራሷ ወደ ባለሥልጣኑ ሄዳ ቅጹን አርማ፣ ብድሩን አሳውቃ ነበር እንበል። ሪፖርቶቹም አልተፈረሙም። ከክፍል 14 ምን ይቀራል?