እሹሩሩ የልጄ ልጅ

(አያት በአንቀልባ አዝላው፣ ምድጃው ዳር ወዲያና ወዲህ እያለች)

እሹሩሩ ልጄ፣ እሹሩሩ ሆዴ፣
የልጄ ልጅ አንተ፣ የሥጋ ዘመዴ።
እሹሩሩ ልጄ፣ እሹሩሩ ሆዴ፣
አይዞህ አይዞህ ልጄ፣ አይዞህ የኔ ገዴ።

እናትህ ገበያ፣ ዛሬ ወርዳለች፣
ጤፉን ባህያ ጭና፣ ዶሮ ይዛለች፤
ጤፉን ትሸጥና፣ ጨው ትገዛለች፣
ዶሮዋን ትሸጥና፣ ሻሽ ትገዛለች፣
ከጨው ከሻሹ ተርፎ፣ ላንተም ታመጣለች።
ሸንኮራ አገዳ አይታ፣ እንዳትገዛ ብቻ፣
አንተም ጥርስ የለህ፣ እኔም ድድ ነኝ ብቻ።

እሹሩሩ ልጄ፣ እሹሩሩ ሆዴ፣
የልጄ ልጅ አንተ፣ የሥጋ ዘመዴ።

አባትህ አውድማ፣ ጤፍ ያበራያል፣
ዳልቻውም ይዞራል፣ ቦራውም ይዞራል፤
ዙር በል ዙር በል ሲለው፣ ድምፁ ይሰማል፣
ገለባው ይሄዳል፣ ፍሬው ይቀራል፤
ዳልቻውም ይዞራል፣ ቦራውም ይዞራል፣
እነሱ ሲዞሩ፣ ልጄ ይተኛል።

(ምነው ልጄዋ? ጠግበህ የለም እንዴ? ቁንጫ ነው መሰል። ቆይ እስቲ፣ ይኸው አገኘኋት። አንገትህ ስር ገብታ! በቃ፣ በቃ፣ ሄደች።)

እሹሩሩ ልጄ፣ እሹሩሩ ሆዴ፣
አይዞህ አይዞህ ልጄ፣ አይዞህ የኔ ገዴ።

የጮቄ ነፋስ ሆይ፣ ቀስ ብለህ ንፈስ፣
ጋቢው ውስጥ ነው ልጄ፣ አጠገቡ አትድረስ።
የጮቄ ብርድ ሆይ፣ እዚያው ላይ ክረም፣
ልጄ ገና ጨቅላ ነው፣ ብርድ አይችልም።
ወርደህ ብትመጣም፣ ደጃፉ ላይ ቁም፣
ምድጃው ዳር ነን እኛ፣ አናስገባህም።

ዓባይ ከግሽ ተነሥቶ፣ ጣና ገባና፣
ከጣና ወጣና፣ ቁልቁል ወረደና፣
ዓባይም ጎጃምን፣ ዞሮ አቀፈው፣
እኔም የልጄን ልጅ፣ ዞሬ ልቀፈው።
ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል፣
ልጄ ማደሪያ አለው፣ ጀርባዬ ላይ ያድራል።
ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል፣
ልጄ ማደሪያ አለው፣ ጀርባዬ ላይ ያድራል።

(ዝም በል አንተ ውሻ! የቆሎ ተማሪ ነው፣ ሌባ አይደለም። አንቺ ልጅ፣ ከመሶቡ እንጀራ አውጪለት። ሕፃን ሊተኛ ነው በይው፣ ድምፁን ዝቅ ያድርግ። ወጡንም ጠብ አድርጊበት እንጂ፣ ደረቁን ትሰጪዋለሽ?)

በእንተ ስማ ለማርያም፣ ይላል ተማሪው፣
ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ ነው።
አንተም ስታድግልኝ፣ ቅኔ ትማራለህ፣
ዋሸራ ትሄዳለህ፣ ጎንጅ ትሄዳለህ፣
ጎጃሜ ሆነህማ፣ ቅኔ መች ታጣለህ።
ወይም ሐኪም ሆነህ፣ ጉልበቴን እየው፣
ስነሳ ስቀመጥ፣ ቋ የሚለው ምን ነው?

እሹሩሩ ልጄ፣ እሹሩሩ ሆዴ፣
የልጄ ልጅ አንተ፣ የሥጋ ዘመዴ።

ጥጃው ተኝቷል፣ ልጄም ይተኛል፣
ግልገሉ ተኝቷል፣ ልጄም ይተኛል፣
ዶሮው ቆጥ ላይ ወጥቷል፣ ልጄም ይተኛል፣
ድመቷ አመድ ላይ ናት፣ ልጄም ይተኛል።
አያቱ አልተኛችም፣ እሷ ምን ትተኛለች፣
ጋኑ አልተጠነሰሰ፣ ብቅል ትፈጫለች።

ና እንቅልፍ ና እንቅልፍ፣ በጓሮ በኩል ና፣
በደጅ አትምጣብኝ፣ ውሻው ይጮኻልና።
ና እንቅልፍ ና እንቅልፍ፣ በጌሾው መሃል ና፣
ልጄ ዓይኑ ከብዶታል፣ አንተን ናፍቋልና።
ና እንቅልፍ ና እንቅልፍ፣ ቀስ ብለህ ና፣
ባዶ እጅህን አትምጣ፣ ሕልም ይዘህለት ና፤
የጅብ ሕልም አይሁን፣ ያስደነግጠዋልና፣
የወተት ሕልም ይሁን፣ እሱን ይወዳልና።

እሹሩሩ ልጄ፣ እሹሩሩ ሆዴ፣
አይዞህ አይዞህ ልጄ፣ አይዞህ የኔ ገዴ።
እሹሩሩ… እሹሩሩ…

(መጣሽ? ቀስ በይ፣ በሩን ኮሽ አታድርጊው። አሁን ገና ነው ዓይኑን የከደነው። ገበያው እንዴት ዋለ? ጤፉስ ስንት አወጣ? እሰይ። ጨውን እዚያ ከፍ አድርጊው፣ ጭስ ያገኘዋል፣ አይረጥብም።

ቆይ፣ ቆይ! አሁን ጡት አትስጪው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ መትቶሽ መጥተሽ፣ ሆዱን ልትነፊው ነው? መጀመሪያ እግርሽን ታጠቢ፣ እህልም ቅመሺ። ድንች ቀቅያለሁ፣ ድስቱ ውስጥ አለልሽ። አህያውንም ውሃ አጠጪው፣ እሱም እንዳንቺው ነው የዋለው። እስከዚያ እኔው አዝለዋለሁ።)